«እስከ 12፡00 ክፍል ይልቀቁ» የሚለው ወረቀት ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ «ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። ‹ጫጫታ፣ ሰው ማስገባትና አርፍዶ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው! እስከ 12፡00 ክፍል ይልቀቁ!› የሚል ወረቀት በየበሩ ለጥፌአለሁ። የሚያነበው የለም። ያነበበው ደግሞ ይቀየመኛል። እንግዳ የማያስቀይም ግን የሚከበር ደንብ እንዴት ልጻፍ?»

ምላሽ፦ ከቃላቱ በፊት ሰዓቱን እናስተካክል። 12፡00 ሲሉ እኩለ ቀንን አስበው ይመስለኛል። ዩኒቨርሲቲው ጋብዞት የመጣ የውጭ ዜጋ እንደዚያው ያነበዋል። ከቦንጋ ወይም ከአጋሮ የመጣ እንግዳ ግን 12 ሰዓት ሲባል የሚያውቀው ንጋትን ወይም አመሻሽን ነው። በንጋት ውጣ የሚል ማረፊያ ስለማይኖር አመሻሹን ይይዛል። ቀን 9 ሰዓት ላይ ተኝቶ ያገኙት ሰው እንግዲህ ደንብ የጣሰ አይመስለውም። በእሱ ቆጠራ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረዋል። በሩን ሲያንኳኩበት የሚቆጣው ለዚህ ነው።

በደንብ ወረቀት ላይ ብቻውን የቆመ ሰዓት አይጻፍም። «ከረፋዱ 5 ሰዓት»፣ «ከቀኑ 8 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ተብሎ የቀኑ ክፍል አብሮ ይገባል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ላይ ደግሞ የፈረንጅ ሰዓቱ ይቀመጥና ጠዋት ወይም ከሰዓት መሆኑ ይገለጽ። ደረሰኙ ላይም እንዲሁ ያድርጉ። «2 ሌሊት» ብሎ መተው ለጭቅጭቅ በር ይከፍታል። «ሐሙስና ዓርብ ሌሊት፤ መውጫ ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት» የሚል መስመር ሲኖር የሚከራከር ብዙም አይገኝም።

አሁን ሰዓቱ ራሱ ስንት ይሁን? ብዙ አነስተኛ ማረፊያዎች እኩለ ቀንን የሚይዙት ትልልቅ ሆቴሎች ላይ ስላዩት ነው። ትልቅ ሆቴል ግን አሥር የጽዳት ሠራተኛ ያሰማራል። እርስዎ ምናልባት አንዲት ልጅ ይኖርዎት ይሆናል። ስለዚህ የመውጫው ሰዓት ከእሷ ጉልበት ተነስቶ ይሰላል። አልጋ አውልቆ ማንጠፍ፣ መታጠቢያ ቤት ማጠብ፣ ወለል መወልወል፣ ፎጣና ሳሙና መተካት ለአንድ ሰው አንድ ክፍል ላይ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እንግዳ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየበት ከዚያም ይበልጣል።

የምረቃ ሰሞን ነው እንበል። ቤቱ ሙሉ ነው። ቅዳሜ አምስት ክፍል ይለቀቃል፤ አምስት አዲስ እንግዳም ተይዞለታል። አምስቱን ክፍል በ40 ደቂቃ ብናባዛው 200 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ከ20 ይሆናል። ሁሉም እኩለ ቀን ላይ ከወጡ የመጨረሻው ክፍል የሚደርሰው 9 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። እርስዎ ግን ለአዲሶቹ «8 ሰዓት ግቡ» ብለዋቸዋል። ሁለት ቤተሰብ ከነሻንጣው በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የተመራቂዋ እናት ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ይፈልጋሉ። መውጫው ከረፋዱ 5 ሰዓት ቢሆን ግን የመጨረሻው ክፍል 8 ሰዓት ከ20 ላይ ይደርሳል። ያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ከወጡ ነው። በጅማ ደግሞ የአዲስ አበባ አውቶብስ የሚይዘው ሰው ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ፣ ከአምስቱ ሁለቱ ክፍሎች በጠዋት ይጸዳሉ። የቀሩት ሦስቱ ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ፤ 7 ሰዓት ላይ ቤቱ ዝግጁ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ መውጫ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ መግቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት። የጽዳት ሠራተኛዎ ሁለት ከሆኑ እኩለ ቀን ድረስ ቢፈቅዱ ችግር የለውም። ብቻዋን ለሆነች ልጅ ግን አይሞክሩት። ያልደረቀ አንሶላም የዚህ ሒሳብ አካል ነው። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ በክረምት ጠዋት የታጠበ አንሶላ ማታ ላይደርቅ ይችላል። ለአንድ አልጋ ሦስት ተቀያሪ በበጋ ይበቃል፤ በክረምት አራት ይያዙ። አንሶላ የሌለው ክፍል ቢለቀቅም ያው የተያዘ ክፍል ማለት ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጭቅጭቅ የሚነሳው ሌሊት ከሚገባ እንግዳ ጋር ነው። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ከሌሊቱ 9 ሰዓት የደረሰ ሰው ክፍል ይይዛል። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ «ውጣ» ሲሉት «ገና አሁን ነው የገባሁት፤ የዛሬውን ከፍዬ የለም እንዴ?» ይላል። ከገባ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነው አነጋገሩ ያለምክንያት አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ የከፈለው ላለፈው ሌሊት ነው። ይህን ሲገባ ነው መንገር ያለብዎት፤ ገንዘቡን ከመቀበልዎ በፊት። «ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የገባ እንግዳ የሚከፍለው ላለፈው ሌሊት ነው፤ መውጫው ያው ረፋድ 5 ሰዓት ነው» ይበሉት። ክፍሉ ለሌላ ሰው ካልተያዘ እኔ እንዲህ ላለው እንግዳ እስከ 8 ሰዓት በነጻ አስተኛዋለሁ። ይህ ግን በደንቡ ላይ አይጻፍም። ከተጻፈ መብት ይሆናል፤ ካልተጻፈ ደግነት ነው።

ላረፈደ ሰው የሚከፈለውን ግን በቁጥር ይጻፉ። «ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማስፈራሪያ እንጂ ደንብ አይደለም። የአንድ ሌሊት ዋጋዎ 1000 ብር ነው እንበል። ክፍሉ ካልተያዘና ማታውኑ ከነገረዎት እስከ 6 ሰዓት በነጻ ይሁን። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት ግማሽ፣ 500 ብር። ከ10 ሰዓት በኋላ ሙሉ ሌሊት። ሁለት መስመር ይበቃል። ከዚህ በላይ ደረጃ ካበዙበት የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ራሷ ትረሳዋለች፤ የምታስታውሰውን ያህል ታስከፍላለች፤ ጠብ ይመጣል።

ክፍሉን የለቀቀ ግን አውቶብሱ ወይም በረራው ከሰዓት የሆነ እንግዳ ብዙ ነው። የሚያረፍደውም ስንፍና ይዞት ሳይሆን ሻንጣውን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ነው። ስለዚህ የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥን ወይም ጠባብ ዕቃ ቤት ያዘጋጁና «ሻንጣዎን በነጻ እናስቀምጣለን፤ በረንዳው ላይ ቡና እየጠጡ ይጠብቁ» ብለው ይጻፉ። ከማርፈዱ ግማሹ በዚህ ብቻ ይወገዳል። ያለፈው እንግዳ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ የሚያይ አዲስ እንግዳም ቤቱን ይወደዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ መታወቂያ በመያዣነት አይቀመጥም። ዓይተው፣ ስሙንና ቁጥሩን መዝግበው፣ ወዲያው ይመልሱ። ሰውዬው ከተማ ውስጥ ቢጠየቅ ወይም ኬላ ላይ ቢቆም ምን ያሳያል? ክፍያ ካሰጋዎት ቅድሚያ ያስከፍሉ። ሁለተኛ፣ ያልወጣ እንግዳ በሌለበት ዕቃውን ብቻዎን አያውጡ። መጀመሪያ ስልክ ይደውሉ። ካልተገኘና ክፍሉ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለት ሠራተኞች አብረው ይግቡ፤ የተገኘውን ዕቃ አንድ በአንድ ይጻፉ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ተቆልፎ ይቀመጥ። «ሻንጣዬ ውስጥ 10 ሺህ ብር ነበር» ሲባል የሚያድንዎት ያ ወረቀት ነው።

ወደ ጠያቂዎች ልለፍ። «ሰው ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው መስመር ጅማ ላይ የትም አይደርስም። ወደ እርስዎ ቤት የሚመጣው ማን እንደሆነ ያስቡት። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ አስታማሚ ነው። ሌላው ልጁን ሊያስመርቅ የመጣ ነው። ሌላው ለቅሶ ሊደርስ ነው፤ ወይም የቡና ነጋዴ ነው። እነዚህ ሁሉ ዘመድና ደንበኛ አላቸው። ዘመድ እከሌ ከተማ ገብቷል ብሎ ከሰማ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ባይጠይቅ ነው የሚወቀሰው። በሩ ላይ «አይገባም» የተባለ አጎት ቅያሜው ለዘበኛው አይደለም፤ ለእርስዎ ቤት ነው። ወይ ደግሞ ዘበኛው እያወቀ ያሳልፋል። ያኔ ደንብም የለዎትም፣ ቤትዎ ውስጥ ማን እንዳለም አያውቁም። ከሁለቱ የከፋው የኋለኛው ነው።

የሚፈሩት ነገር በደንብ ሲታይ ጠያቂው መምጣቱ አይደለም። ሌሊት ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ አለማወቅ ነው። የጋዝ ምድጃ ቢፈነዳ ወይም ኤሌክትሪክ እሳት ቢያስነሳ ስንት ሰው እንደሚወጣ መቁጠር አለብዎት። ስልክ ጠፋ ቢባል ማን ገብቶ ማን እንደወጣ ማወቅ አለብዎት። ፖሊስ መዝገብ ልይ ቢል የተጻፈውና ያለው ሰው መግጠም አለበት። ደንቡ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መጽናት ያለበት፤ በቀን ቡና ሊጠጣ በመጣ ሰው ላይ አይደለም።

በተግባር ሦስት ነገር ይበቃል። ጠያቂ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይገባል። ሲገባ ስሙ፣ የሚጠይቀው ክፍል ቁጥርና ሰዓቱ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ሲወጣም ሰዓቱ ይጻፋል። መታወቂያ ይታያል እንጂ አይያዝም። ቦታው ደግሞ በቅድሚያ በረንዳው ወይም ሳሎኑ ነው፤ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከሁለት ጠያቂ በላይ አይገባም። አስታማሚዎች ምግብ በሳህን ይዘው ስለሚመጡ በረንዳው ላይ ሰፊ ጠረጴዛና የእጅ መታጠቢያ ያስፈልጋል። ጠረጴዛው ከሌለ እንጀራው አልጋ ላይ ይቀርባል፤ ወጡም ወደ አንሶላው ይሄዳል።

3 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ጠያቂ የሚባል ነገር ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ አዳሪ ነው፤ አዳሪ ደግሞ ይመዘገባል፣ ይከፍላል። «እህቴ ነች፤ መሽቶባት ነው፤ ከእኔ ጋር ትደር» ቢባል መልሱ «አይቻልም» አይደለም። «ደስ ይለናል፤ መታወቂያዋን እንመዝግብ፤ የተጨማሪ ሰው 300 ብር ነው» ነው። ዋጋው አስቀድሞ የተጻፈ ይሁን፤ ፎጣና ብርድ ልብስም ይጨምሩላት። ነጠላ አልጋ ባለው ክፍል ግን ሁለተኛ አዳሪ አይጨመርም። እዚህ ላይ ልመና ቢበዛም ሌላ ክፍል ያሳዩ እንጂ አይላሉ።

ይህ ደንብ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ብዙ ማረፊያዎች ላይ የማየው ነውር አለ፤ ወንድ ጠያቂ ሲመጣ ዘበኛው ተነስቶ ሰላም ይላል፤ ሴት ስትመጣ «ማንን ነው?» ብሎ ከእግር እስከ ራሷ ያያታል። የአዳሪው ሚስት ልትሆን ትችላለች፤ የሥራ ባልደረባው ልትሆን ትችላለች፤ ማንም ብትሆን የዘበኛው ጉዳይ አይደለም። የዘበኛው ሥራ ደብተሩን ማስሞላት ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን ያለ ምንም ማመቻመች ይጠበቅ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ካልሆነ በቀር ወደ አዳሪ ክፍል አይገባም፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። አዳሪው ቢቆጣ ገንዘቡን ይመልሱለት። ነገሩ ካጠራጠረዎት ፖሊስ ይጥሩ።

ሌላው ሠራተኞች የሚስቱት ነገር የአዳሪን ስም ማውራት ነው። በስልክ ወይም በር ላይ «እከሌ እዚያ አለ ወይ?» ሲባል ልጅቷ በየዋህነት «አዎ፣ 5 ቁጥር» ትላለች። ጠያቂው ባለዕዳውን የሚፈልግ ሊሆን ይችላል፤ የተጣላ ባል ሊሆን ይችላል። መልሱ ሁሌም አንድ ይሁን፦ «በስልኩ ይደውሉለት፤ ካለ ወጥቶ ይቀበልዎታል።»

ጫጫታ ላይ ደግሞ ደንብ ብቻውን ትንሽ ነው የሚሠራው። ከመጻፍዎ በፊት ቤቱን ይፈትሹ። አንድ ማታ ባዶ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ይክፈቱና ቀጥሎ ባለው ክፍል አልጋ ላይ ይጋደሙ። ቃሉ ተለይቶ የሚሰማ ከሆነ ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም። በከተማችን ብዙ ቤት የብሎኬት ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ይቆማል፤ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም ክፍል አንድ ነው። ኮርኒሱ ስስ ቺፑድ ከሆነ ድምፅ ግድግዳውን ሳይሆን አናቱን ተሻግሮ ይሄዳል። ዘላቂው መፍትሔ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ማድረስ ነው፤ ገንዘብ ይጠይቃል። እስከዚያው ግን በትንሽ ወጪ ብዙ ይቀነሳል። የበሩ ዳርና ሥር ላይ ጎማ ይለጥፉ፤ የብረት በር ሲዘጋ የሚያሰማውን ጩኸት ይገድላል። የወንበር እግር ላይ ያረጀ ካላማዳሪ ቆርጠው ይለጥፉ። ቴሌቪዥኑ የድምፅ ጣሪያ የሚገድብ ማስተካከያ ካለው በእሱ ይገድቡት፤ ከሌለው «እስከ 15» ብለው ሪሞቱ ላይ ይጻፉ። ቁጥሩን ያገኙት ራስዎ ተኝተው አዳምጠው ስለሆነ በድፍረት ይናገሩታል።

ሁለተኛው ፈተና የራስዎ ሰዎች ናቸው። ንጋት ላይ አዳሪን የሚቀሰቅሰው ብዙ ጊዜ ሌላ አዳሪ አይደለም። ድስት የምታጥበው ልጅ ናት፤ ሬዲዮ የከፈተው ዘበኛ ነው፤ በር ላይ ክላክስ የሚነፋው ባጃጅ ነው። ለአውቶብስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳ እንግዳ ካለ ዘበኛው ማታውኑ ክፍሉን ይወቅ፤ ባጃጁ ከበር ውጪ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቅ፤ እንግዳው ሒሳቡን ማታ ይዝጋ። ኮሪደር ላይ ቆሞ «መልስ የለኝም፤ ዝርዝር አምጣ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም።

ከዚያ ደንቡ ይመጣል፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ከክፍል በር ውጪ አይሰማም። «ጫጫታ ክልክል ነው» ሲባል ሁሉም ሰው ጫጫታ የሚለው የሌላውን ወሬ ነው። «ከበርዎ ውጪ እንዳይሰማ» ሲባል ግን መለኪያ አለው፤ ልጅቷ ኮሪደር ላይ ቆማ ማረጋገጥ ትችላለች። ስልክን በድምፅ ማጉያ ማናገርም በስሙ ይጠቀስ። ዛሬ ከቴሌቪዥን ይልቅ የሚረብሸው እሱ ነው።

ጅማ ላይ ስለ ጫት ዝም ማለት አይቻልም። ፈቀዱም ከለከሉም የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ መሃል ላይ መቆም ግን አይሆንም። አይቶ እንዳላየ ማለፍ ክፍል ውስጥ ገራባ፣ የተቃጠለ ምንጣፍና እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሚዘልቅ ጨዋታ ያመጣል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ድምፁ ከፍ ማለቱ አይታወቀውም፤ ሦስት ከሆኑማ ፓርላማ ነው። እኔ ብሆን ክፍል ውስጥ እከለክላለሁ፤ ከፈቀድኩ የኋላ በረንዳ ላይ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ እፈቅዳለሁ። ሺሻ ግን የትም አይገባም።

ዝም የማያሰኙትን ነገር ደግሞ በሐቅ ይንገሩ። የመስጊዱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ በንጋት ይሰማሉ። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማውራትም አያስችልም። «ጸጥታ ዋስትና አለው» ብለው ከጻፉ እንግዳው ንጋት ላይ ይከስዎታል። እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለውን ክፍል ይስጡት፤ ሲደውል «ጀርባ ያለው ክፍል ይሻልዎታል» ማለት ትልቅ አገልግሎት ነው።

ደንቡ ሲጣስ ማን ምን ይላል? መጀመሪያ ልጅቷ ወይም ዘበኛው በሩን በቀስታ አንኳኩቶ «ይቅርታ፣ 4 ሰዓት አልፏል፤ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ይሰማል» ይላል። ማን እንደከሰሰ አይነገርም። «6 ቁጥር አልተኛሁም ብሏል» ማለት ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ ጠብ ማስነሳት ነው። ካልተስተካከለ እርስዎ ራስዎ በስልክ ያናግሩታል። ሦስተኛ ጊዜ ካስፈለገ በማግስቱ ሌሊቱ አይራዘምለትም። እኩለ ሌሊት ላይ ሰው ከነሻንጣው መንገድ ላይ አይጣልም፤ ዱላ፣ ዛቻ ወይም ስርቆት ካልሆነ በቀር። እነዚያ ደግሞ የፖሊስ ጉዳይ ናቸው፤ የዘበኛው አይደሉም።

አሁን ወደ ቃላቱ። ወረቀትዎ ላይ ያሉትን ቃለ አጋኖዎች ሁሉ ያውጡ። «በጥብቅ የተከለከለ» የሚለውንም ያውጡ፤ ከፍርድ ቤት ግቢ እንጂ ከሰው ቤት የወጣ አይመስልም። እያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ የሚቻለውን ይናገር፤ ቀጥሎ ወሰኑን፤ ምክንያት የሚያስፈልገው ከሆነ በአንድ ሐረግ። ቅያሜ የሚመጣው ከወሰኑ አይደለም፤ ያለምክንያት ከመታዘዝ ነው። «እባክዎ» አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በየመስመሩ ከገባ ልመና ይሆናል። ሙሉው እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦

> እንኳን ደህና መጡ። ቤቱ ትንሽ ስለሆነ የአንዱ ድምፅ ለሌላው ይሰማል። እባክዎ የሚከተሉትን አብረውን ይጠብቁልን።
>
> ክፍልዎ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ዝግጁ ነው። በሚወጡበት ቀን እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይለቁልናል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው እንግዳ እናጸዳዋለን። መቆየት ከፈለጉ ማታውኑ ይንገሩን፤ ክፍሉ ካልተያዘ እስከ 6 ሰዓት በነጻ ነው። ከዚያ እስከ 10 ሰዓት የሌሊቱ ዋጋ ግማሽ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሙሉው ይከፈላል። ሻንጣዎን በነጻ እናስቀምጣለን።
>
> ጠያቂዎችዎን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት በደስታ እንቀበላለን። በር ላይ ይመዘገባሉ። በረንዳውና ሳሎኑ ለእነሱ ነው፤ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ይገባል። የሚያድር ሰው ካለ ከ3 ሰዓት በፊት ይመዝገብ፤ የተጨማሪ ሰው ዋጋ 300 ብር ነው። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ብቻ ይገባል።
>
> ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅዎ ከክፍልዎ በር ውጪ አይሰማ፤ ቴሌቪዥንና የስልክ ድምፅ ማጉያም ጭምር። በሌሊት የሚነሱ ከሆነ ማታ ይንገሩን፤ በሩንም መኪናውንም እናዘጋጃለን።
>
> ሌሊት ችግር ቢገጥምዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉ፦ …

የጫቱን ውሳኔ እርስዎ እንደመረጡት በአንድ መስመር ይጨምሩ። ስልክ ቁጥሩ የሚያነሳ ሰው ያለው መሆን አለበት፤ ሌሊት የሚጠፋ ቁጥር ከሆነ ባይጻፍ ይሻላል። ገጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ይዘጋጅ። ኦሮምኛውን አፉን የፈታበት ሰው ይጻፈው፤ ከአማርኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ከሆነ አክብሮቱ ይጠፋል፤ በጅማ ደግሞ ወዲያው ይታወቅብዎታል።

የት እንደሚለጠፍም ይለወጥ። ክፍል ውስጥ በር ጀርባ የተለጠፈ ደንብ እንግዳው የሚያየው ከከፈለ በኋላ ነው። ከፍሎ ከገባ በኋላ የተነገረው ነገር ለእሱ ደንብ ሳይሆን ወጥመድ ነው። መቀበያው ላይ አንድ ገጽ ይኑር፤ ልጅቷ ሦስቱን ሰዓት በቃሏ ትንገረው፦ መውጫ 5 ሰዓት፣ ጠያቂ እስከ 3 ሰዓት፣ ጸጥታ ከ4 ሰዓት ጀምሮ። ከዚያ መዝገቡ ላይ ይፈርም። በስልክ ለሚይዝ ሰው በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት ይላክ። በሚወጣበት ዋዜማ ምሽት ደግሞ «ነገ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ሻንጣ ማስቀመጥ ይፈልጋሉ?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህች አንዲት ጥያቄ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሁሉ የበለጠ ትሠራለች።

አንድ ገደብ ልጨምር። ደንቡን ብዙ ጊዜ የሚያፈርሰው ባለቤቱ ራሱ ነው። የአክስት ልጅ ይመጣል፤ ይሉኝታ ይይዛል፤ ሳይመዘገብ ያድራል፤ እስከ 9 ሰዓት ይተኛል። ልጅቷ ይህን ካየች በኋላ ለባዕድ ሰው ደንብ መናገር ያሳፍራታል። ለዘመድ በነጻ ማሳደር የእርስዎ መብት ነው፤ ግን ይመዝገብ፣ 5 ሰዓት ይውጣ። ከደንቡ ማለፍ የሚፈቅድ ሰውም አንድ ብቻ ይሁን፤ የፈቀደውን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ከወር በኋላ ደብተሩን ይክፈቱ። «እስከ 8 ሰዓት ተፈቀደ» የሚለው መስመር ሲደጋገም ካዩ እና ፈቃዱን የጠየቁት እንግዶች የሆስፒታል አስታማሚዎች ከሆኑ፣ ሁለተኛ ጽዳት ሠራተኛ በግማሽ ቀን ቀጥረው መውጫውን ወደ 6 ሰዓት ቢያደርሱት ያዋጣዎታል። እስከዚያ ግን 5 ሰዓት ይያዙ፤ ዛሬ ማታ በየበሩ ያለውን ወረቀት ያንሱት።